«ሲስተም የለም» ሲባል ከበስተጀርባ የሚሆነው

አዲስ አበባ ውስጥ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ባንክ መስኮት ላይ ይባላል፣ ወረዳ ላይ ይባላል፣ ትኬት መቁረጫ ላይ ይባላል። የ12ኛ ክፍል ውጤት በሚለቀቅበት ዕለት ደግሞ የሚናገረው ሰው ሳይኖር አልከፍት ያለው ገጽ ራሱ ይለዋል። ሰሚው አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን «ኔትወርክ ነው» ብሎ ያልፈዋል። አንዳንዴም እውነት ነው፤ መብራት ይጠፋል፣ መስመር ይቆረጣል።

ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ አንድ ብልሽት አለ። መብራት አለ፣ ኢንተርኔት አለ፣ ሰርቨሩ በርቷል፣ መረጃው የተቀመጠበት ዳታቤዝም ጤነኛ ነው፤ እንዲያውም ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል ማለት ይቻላል። እንደዚያም ሆኖ ደንበኛው አይስተናገድም። ባለሙያው ኮምፒውተሩን ሲከፍት የሚያገኘው ይህን መስመር ነው፦

```
ERROR 1040 (HY000): Too many connections
```

ይህ ማይኤስኪውኤል የተባለው፣ በዓለም ላይ እጅግ ከተስፋፉት ዳታቤዞች አንዱ የሚሰጠው መልስ ነው። ሌላው ታዋቂ ዳታቤዝ ፖስትግሬስ ትሕትና ጨምሮበት `sorry, too many clients already` ይላል። ሁለቱም የሚሉት «በሬ ሞልቷል» ነው። ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ይህን መልስ «ሰርቨሩ አነሰ» ብለው የሚተረጉሙ ሰዎች ስላሉ ነው።

በመጀመሪያ ኮኔክሽን የሚባለው ምን እንደሆነ እንዲታወቅ ያህል፤ ደንበኛ ስልኩ ላይ «ግዛ» የሚለውን ሲነካ ጥያቄው በቀጥታ ዳታቤዝ ውስጥ አይገባም። መሐል ላይ አፕሊኬሽኑ አለ። አፕሊኬሽኑ ዳታቤዙን ለማነጋገር መስመር ይከፍታል፣ ስምና የይለፍ ቃል ይሰጣል፣ ዳታቤዙም ለዚያ መስመር የሚሆን ማስታወሻ ቦታ ይመድባል። ይህ መስመር ነው ኮኔክሽን። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አዲስ መስመር ከፍቶ መዝጋት ጊዜ ስለሚፈጅ፣ አፕሊኬሽኖች የተወሰኑ መስመሮችን ከፍተው ይይዙና እየተቀባበሉ ይጠቀሙባቸዋል። ይህ ክምችት ፑል ይባላል። መንገድ ዳር ጀበና ቡና የምታፈላ ሴት የምታደርገውም ይኸው ነው። በቀን 200 ሰው ብታስተናግድም 200 ስኒ አትገዛም። 12 ስኒ አላት፤ አንዱ ጠጥቶ ሲመልስ ታጥቦ ለቀጣዩ ይቀዳል። ችግር የሚፈጠረው ጠጪው ስኒውን ይዞ ረጅም ስልክ ማውራት ሲጀምር ነው።

አሁን ገርጂ ላይ የሚሠራ አንድ የትኬት መሸጫ ቢሮ ይታሰብ። ቢሮው ምሳሌ ነው፤ ሒሳቡ ግን ሶፍትዌሮቹ ተጭነው ሲመጡ ከሚይዟቸው ቁጥሮች የተወሰደ ስለሆነ ማንም በራሱ ማሽን ላይ ሊያየው ይችላል። ቢሮው ሚሊኒየም አዳራሽ ለሚቀርብ የበዓል ኮንሰርት ትኬት በኢንተርኔት ይሸጣል። አፕሊኬሽኑ በፓይተን የተጻፈ ነው፤ ከዳታቤዙ ጋር የሚነጋገረው ኤስኪውኤል አልኬሚ በተባለው መሣሪያ ነው። ሁለት የአፕሊኬሽን ሰርቨሮች አሉት፤ በእያንዳንዱ ላይ 6 ፕሮሰስ፣ በእያንዳንዱ ፕሮሰስ ውስጥ ደግሞ 20 ጥያቄ ጎን ለጎን የሚያስተናግዱ 20 ክሮች። ዳታቤዙ አንድ ነው፤ ለብቻው ማሽን ላይ ተቀምጧል።

ሽያጩ ዓርብ ማታ 1 ሰዓት ላይ ተከፈተ። እስከ 1 ከ10 ድረስ ሁሉም ደህና ነበር። ከዚያ ግማሹ ደንበኛ ባዶ ገጽ ማየት ጀመረ። ባዶ ገጽ ያየ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ገጹን ደጋግሞ ያድሰዋል። አምስቴ ያደሰው አንድ ሰው አምስት ጥያቄ ሆነ። ቢሮው ውስጥ ያለችው ወጣት ፕሮግራመር ወደ ዳታቤዙ ገብታ ልታይ ስትሞክር እሷንም «ሞልቷል» አላት። ማይኤስኪውኤል ለአስተዳዳሪ ብሎ ከቁጥሩ በላይ አንድ ተጨማሪ ቦታ ያስቀምጣል። ነገር ግን አፕሊኬሽኑ ራሱ የሚገባው `root` በሚለው የአስተዳዳሪ ስም ስለነበር ያችንም አንዲት ቦታ ወስዷታል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። በተግባር ግን በእሳት ቃጠሎ ጊዜ የመውጫውን በር ቆልፎ ቁልፉን እንደመጣል ነው። ምን እየሆነ እንደሆነ ለማየት የሚቻልበት ብቸኛ መስኮት ተዘጋ።

ያላት አማራጭ ዳታቤዙን አጥፍቶ ማብራት ነበር። አደረገችው። ለአራት ደቂቃ ያህል ሠራ፤ ተመልሶ ሞላ።

ሰኞ ዕለት የቢሮው ባለቤት ስብሰባ ጠሩ። «ሰርቨሩ አልቻለም ማለት ነው። እንጨምር» አሉ። ፕሮግራመሯ «ዳታቤዙ ላይ ያለውን ጫና አላየሁትም እኮ ጋሼ» ብትልም የዓርቡ ኪሳራ ጮኾ ስለነበር ሰሚ አላገኘችም። ሦስተኛ የአፕሊኬሽን ሰርቨር ተከራዩ፤ ኪራዩ በዶላር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ያለውን የብር ዋጋ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ውሳኔ ምን ያህል እንደሚያምም ማብራራት አያስፈልግም። የሚያስቆጨው ግን ዋጋው አይደለም። በቀጣዩ ዓርብ ነገሩ ባሰ።

ለምን ባሰ? ሒሳቡ ቀላል ነው። የማይኤስኪውኤል `max_connections` ካልተነካ 151 ነው። የኤስኪውኤል አልኬሚ ፑል ደግሞ ካልተነካ በመደበኛነት እስከ 5 ኮኔክሽን ይይዛል፤ ሲጨናነቅ 10 ትርፍ ይጨምራል። ስለዚህ አንድ ፑል እስከ 15 ሊከፍት ይችላል። ብዙ ሰው የሚስተው ፑሉ የማን እንደሆነ ነው። የአፕሊኬሽኑ አይደለም፣ የሰርቨሩም አይደለም፤ የእያንዳንዱ ፕሮሰስ ነው። ሁለት ሰርቨር በ6 ፕሮሰስ በ15 ሲባዛ 180 ይሆናል። ሦስተኛው ሰርቨር ሲጨመር 270 ሆነ። በሩ ግን ያው 151 ነው። ቢሮው በዶላር የገዛው በጠባቡ በር ላይ የሚገፋፋ ተጨማሪ ሕዝብ ነበር። አዲሶቹ ፕሮሰሶች ሥራ በሌላቸው ሰዓት እንኳ እያንዳንዳቸው እስከ 5 መስመር ይዘው ስለሚቀመጡ፣ አንዱ ፕሮሰስ ሲጨነቅ የሌላው ሥራ ፈት መስመር አይደርስለትም።

ጨረታ ሰነዶች ላይ የሰርቨሩ ራም፣ የፕሮሰሰሩ ዓይነት፣ የዲስኩ መጠን በዝርዝር ይጠየቃል። ይህ ማባዛት ግን የትም አይጠየቅም፤ ሊጠየቅ ይገባ ነበር። አንድ መስመር ብቻ ይበቃል፦ ሰርቨር ስንት፣ ፕሮሰስ ስንት፣ ፑል ስንት፣ የዳታቤዙ ጣሪያ ስንት።

ታዲያ ጣሪያውን ለምን 1000 አያደርጉትም? ሁለተኛው የተለመደ ሐሳብ ይህ ነው፤ አንዳንዴም ሰዓት ለመግዛት ይጠቅማል። ግን እያንዳንዱ ኮኔክሽን የዳታቤዙን ማስታወሻ ይበላል። ከዚያም በላይ፣ አራት ኮር ያለው ማሽን በአንድ ቅጽበት በእውነት የሚሠራው አራት ነገር ነው፤ የቀረው ሁሉ ተራ እየተቀያየረ ነው። 500 ሥራ በአንዴ ከገባለት ከመሥራት ይልቅ ከአንዱ ወደ ሌላው በመዝለል ይደክማል። ኦራክል ኩባንያ በአንድ ወቅት ባሳየው ሙከራ፣ ሌላ ምንም ሳይነካ የፑሉን መጠን በጣም በመቀነስ ብቻ የአፕሊኬሽኑ ምላሽ ከ100 ሚሊሰከንድ አካባቢ ወደ 2 ሚሊሰከንድ አካባቢ ወርዷል። መቀነስ ያፈጥናል ሲባል ነገሩ የተገለበጠ ይመስላል፤ ግን እንደዚያ ነው።

ወደ ገርጂው ቢሮ እንመለስ። ፕሮግራመሯ ባንክ ውስጥ ዳታቤዝ የሚያስተዳድር የቀድሞ የክፍል ጓደኛዋን አማከረች። እሱ ከሁሉ አስቀድሞ አፕሊኬሽኑን ከ`root` አውጥቶ የራሱ ስም ሰጠው። «ቀጣዩ ዓርብ ይውደቅ፤ ግን ሲወድቅ እንየው» አላት። በሦስተኛው ዓርብ ሲወድቅ በተጠበቀችላት አንዲት ቦታ ገባችና እነዚህን ጠየቀች፦

```sql
SHOW STATUS LIKE 'Threads_connected';
SHOW STATUS LIKE 'Threads_running';
SHOW PROCESSLIST;
```

የመጀመሪያው የተያዙትን መስመሮች ይቆጥራል፤ ሞልቶ ነበር። ሁለተኛው በዚያች ቅጽበት በእውነት እየሠሩ ያሉትን ይቆጥራል፤ 3 ብቻ ነበሩ። ሦስተኛው ዝርዝሩን ያወጣል። ከላይ እስከ ታች `Sleep`፣ `Sleep`፣ `Sleep` ይላል፤ አጠገቡም ያንቀላፉበት ሰከንድ፦ 5፣ 7፣ 8።

ይህ ሥዕል ሁሉንም ይናገራል። ዳታቤዙ ሥራ በዝቶበት ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ቁጥር ከፍ ይል ነበር፤ መድኃኒቱም የተንቀረፈፈውን ጥያቄ ማስተካከል ወይም በእርግጥም ትልቅ ማሽን መግዛት ይሆን ነበር። እዚህ ግን ዳታቤዙ ሥራ የለውም። ስኒው ሁሉ ሰው እጅ ላይ ነው፤ የሚጠጣ ግን የለም። ስልክ እያወሩ ነው።

ማንን ነው የሚያወሩት? ኮዱ ሲነበብ ተገኘ። አንድ ሰው ትኬት ሲገዛ አፕሊኬሽኑ ኮኔክሽን ይወስዳል፣ ወንበሩን ይይዛል፣ ከዚያ ኮኔክሽኑን ሳይለቅ የክፍያ አገልግሎቱን «ገንዘቡ ገብቷል ወይ?» ብሎ ይጠይቅና መልስ ይጠብቃል። መልሱ ሲመጣ ሽያጩን መዝግቦ ያኔ ኮኔክሽኑን ይመልሳል። የጻፈው ሰው ክፉ ሐሳብ አልነበረውም፤ ክፍያው ካልተሳካ ወንበሩ ወዲያው እንዲለቀቅ ብሎ ነው። በሙከራ ጊዜም መልሱ በአንድ ሰከንድ ይመጣ ስለነበር ምንም አልታየም።

እዚህ ላይ ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በ1961 እ.ኤ.አ. ያረጋገጠው የሰልፍ ሕግ ይሠራል። በሰከንድ የሚመጣው ሰው ብዛት፣ አንዱ ሰው ውስጥ በሚቆይበት ሰከንድ ሲባዛ፣ በአንድ ጊዜ ውስጥ ያለውን ሰው ይሰጣል። በሰከንድ 20 ገዢ ቢመጣና አንዱ ኮኔክሽኑን ለ1 ሰከንድ ቢይዝ 20 ኮኔክሽን ይያዛል፤ ለ151 በር ይህ ምንም አይደለም። ዓርብ ማታ የክፍያው ወገንም ሲጨናነቅና መልሱ 8 ሰከንድ ሲፈጅ ግን 20 በ8 ሲባዛ 160 ሆነ። የገዢው ቁጥር አልጨመረም። ቆይታው ነው የጨመረው። የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ሰላም የሆኑትም ለዚህ ነው፤ ያኔ ክፍያው ገና ፈጣን ነበር።

ማስተካከያው ሁለት ነገር ነው፤ ቅደም ተከተሉም ይጠበቃል። መጀመሪያ ኮዱ። አፕሊኬሽኑ አሁን ወንበሩን «ለ10 ደቂቃ የተያዘ» ብሎ ይመዘግብና ኮኔክሽኑን ወዲያው ይመልሳል፤ ይህ 30 ሚሊሰከንድ ያህል ቢፈጅ ነው። ከዚያ ያለ ኮኔክሽን ክፍያውን ይጠብቃል። መልሱ ሲመጣ እንደገና ኮኔክሽን ወስዶ፣ ሽያጩን መዝግቦ፣ ይመልሳል። ሁለቱ ሲደመሩ 60 ሚሊሰከንድ ቢሆኑ፣ 20 ገዢ በ0.06 ሲባዛ 1.2 ነው። ከ160 ኮኔክሽን ወደ አንድ ወይም ሁለት ማለት ነው። አሁን የሚጠብቁት ክሮቹ ናቸው፤ ሁለቱ ሰርቨሮች በድምሩ 240 ክር ስላላቸው 160 ጠባቂ ይችላሉ።

ይህ ያለ ዋጋ አይመጣም። ድሮ ዳታቤዙ ራሱ ይጠብቀው የነበረውን ወንበር አሁን አፕሊኬሽኑ ሊጠብቀው ይገባል። 10 ደቂቃ ያለፈበትን ወንበር የሚለቅ ሥራ መኖር አለበት። ክፍያው በ11ኛው ደቂቃ ቢገባና ወንበሩ ለሌላ ተሸጦ ቢሆን ገንዘቡ እንዴት ይመለሳል የሚለውም አስቀድሞ መወሰን አለበት። ይህን ሳይወስኑ ኮዱን ብቻ የሚቀይሩ ሰዎች የኮኔክሽኑን ችግር በደንበኛ ጭቅጭቅ ይለውጡታል።

ሁለተኛው የፑሉ ቅንብር ነው። ከጣሪያው ተነስተው ወደ ታች አካፈሉት፦

```python
engine = create_engine(
    DB_URL,
    pool_size=4,
    max_overflow=2,
    pool_timeout=5,
    pool_recycle=1800,
    pool_pre_ping=True,
)
```

በአንድ ፕሮሰስ ቢበዛ 6 ነው፤ 12 ፕሮሰስ በ6 ሲባዛ 72። ለምን ከ151 ግማሽ በታች ሆነ? አዲስ የኮድ ቅጂ ሲጫን አሮጌዎቹ ፕሮሰሶች ሥራቸውን እስኪጨርሱ አዲሶቹ ስለሚነሱ፣ ለጥቂት ሰከንድ ቁጥሩ እጥፍ ሊሆን ይችላል። 72 ሁለቴ 144 ነው፤ የቀሩት ሰባት ቦታዎች ለሪፖርት፣ ለመጠባበቂያ ቅጂና ለሰው ናቸው። ሥራ በሌለበት ሰዓት አዲስ ቅጂ ሲጭኑ ብቻ 1040 ብቅ ብሎ የሚጠፋባቸው ቢሮዎች አሉ፤ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይህ እጥፍ ነው።

`pool_timeout` ፑሉ ባዶ ሲሆን ደንበኛው ስንት ሰከንድ ተራ እንደሚጠብቅ ይወስናል። ካልተነካ 30 ነው። ስልኩን ይዞ 30 ሰከንድ ባዶ ገጽ የሚያይ ሰው የለም፤ እስከዚያ ሦስቴ አድሶታል። በ5 ሰከንድ «ወረፋ አለ፤ ትንሽ ቆይተው ይሞክሩ» ብሎ በአማርኛ መመለስ ይሻላል። የቀሩት ሁለቱ ለሌላ በሽታ ናቸው። ማይኤስኪውኤል 8 ሰዓት ሥራ የፈታን መስመር ይቆርጣል። ፑሉ ግን መቆረጡን ስለማያውቅ ጠዋት የመጀመሪያው ደንበኛ የሞተ መስመር ይደርሰዋል። አንዱ በየግማሽ ሰዓቱ መስመሩን ያድሳል፤ ሌላው ከመስጠቱ በፊት በሕይወት መኖሩን ይፈትሻል።

ከቅንብሩ በኋላ የብልሽቱ መልክም ይለወጣል፤ ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ፑሉ ሲያልቅበት የሚመጣው 1040 አይደለም፤ `QueuePool limit of size 4 overflow 2 reached` የሚል ነው። የመጀመሪያው በዳታቤዙ በር ላይ ያለ ግፊያ ነው፤ ሁሉንም አንድ ላይ ይጥላል፣ አስተዳዳሪውንም ጭምር። ሁለተኛው በአንድ ፕሮሰስ ውስጥ ያለ ሰልፍ ነው። ሌሎቹ ፕሮሰሶች ይሠራሉ፣ ዳታቤዙም ይተነፍሳል። ሁለተኛው እየደጋገመ ከመጣ ብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ኮኔክሽን ወስዶ የማይመልስ ወይም ለረጅም ጊዜ የሚይዝ ኮድ አለ ማለት ነው፤ ፑሉን ማስፋት ያንን ለጥቂት ቀን ይደብቀዋል እንጂ አያድነውም።

ይህ ሁሉ ለፓይተን ነው። በፒኤችፒ የተሠሩ የከተማችን ብዙ ገጾች ከነጭራሹ እንዲህ ያለ ፑል የላቸውም። እያንዳንዱ ፕሮሰስ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የራሱን መስመር ይከፍትና ሲጨርስ ይዘጋል። እዚያ ጣሪያውን የሚወስነው `pm.max_children` ነው፤ ከ`max_connections` በታች ካልሆነ ውጤቱ ያው ነው። የፈተና ውጤት ዓይነት ነገር ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። አንዴ ከወጣ የማይለወጥ መረጃ ለእያንዳንዱ ተማሪ ዳታቤዝ መጠየቅ አያስፈልገውም። ቀድሞ ተዘጋጅቶ እንደ ተራ ፋይል ቢቀመጥ ኮኔክሽን የሚባል ነገር አይነሳም።

የገርጂው ቢሮ ከቀጣዩ ሽያጭ በኋላ `Max_used_connections` የሚለውን ቁጥር አየ፤ ዳታቤዙ ከበራ ጀምሮ በአንድ ጊዜ የተያዘውን ከፍተኛ መጠን የሚናገር ነው። 57 ይላል። ሦስተኛው ሰርቨር የኪራይ ወሩ ሲያልቅ ተመለሰ። የክፍያው መልስ ዓርብ ማታ አሁንም 8 ሰከንድ ይፈጃል፤ ያንን የገርጂው ቢሮ ሊያስተካክለው አይችልም። ገዢው ስልኩ ላይ «ክፍያዎ እየተረጋገጠ ነው» የሚለውን እያየ ይጠብቃል፤ ወንበሩም ለ10 ደቂቃ በስሙ ተይዟል።